«ይከፈለን» ወይስ «ይከፈልልን»? ስለ ቅሬታና ካሳ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ ያዘዝነው 200 ካርቶን ወረቀት 9 ቀን ዘግይቶ መጣ፤ 35ቱም ውኃ የነካቸው ስለነበሩ ምትካቸውን ከሌላ አቅራቢ በውድ ዋጋ ገዛን። በንዴት የጻፍኩትን ደብዳቤ ባልደረባዬ «ይህ ስድብ ነው» አለኝ፤ አለዝቤ ብጽፈው ደግሞ «አሁን ልመና ሆነ» አለኝ። ሁለቱንም ልኬልዎታለሁ። ቁጣው ለዝቦ የካሳው ጥያቄ እንዳይደበዝዝ እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ ባልደረባዎ በሁለቱም ጊዜ ልክ ነበሩ። በመጀመሪያው ደብዳቤ «ቃላችሁን የማትጠብቁ ናችሁ፤ የበሰበሰ ወረቀት ልካችሁ አከሰራችሁን፤ ዛሬውኑ ገንዘባችንን ካልመለሳችሁ እናሳያችኋለን» ብለዋል። በሁለተኛው ደግሞ «አንዳንድ ችግሮች ስለተፈጠሩ፣ የሚቻል ከሆነ ተገቢው ማካካሻ ይደረግልን ዘንድ ትብብራችሁን በትሕትና እንጠይቃለን» ብለዋል። ሁለተኛው የተበላሸው ስለለዘበ ሳይሆን የለዘበው ያለቦታው ስለሆነ ነው።

በደብዳቤ አጻጻፍ ላይ ምክር የሚሰጡ አንዳንድ ሰዎች ተደራጊ ግስ ሁሉ ትሕትና ነው፣ ስለዚህ ከላይ እስከ ታች በ«ተ-» ይጻፍ ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ተደራጊ ግስ አድራጊውን ይሰውራል፤ ጥፋቱን በምንተርክበት ዓረፍተ ነገር ይህ መሰወር አክብሮት ይሆናል፤ ገንዘብ በምንጠይቅበት ዓረፍተ ነገር ግን ከፋዩን ይሰውርና ዕዳውን ባለቤት ያሳጣዋል።

ከትረካው እንጀምር። የቁጣው መቀመጫ «የበሰበሰ» የሚለው ቃል ብቻ አይደለም፤ በየግሱ ላይ የተደጋገመው «-ችሁ» ነው፤ ልካችሁ፣ አከሰራችሁን፣ ካልመለሳችሁ። የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ከሰዎቹ ወደ ዕቃው ብናዛውረው ነገሩ ወዲያው ይረጋል። አማርኛ ለዚህ «-ብን» የሚባል ድንቅ መሣሪያ አለው፤ «ወረቀቱ 9 ቀን ዘገየብን» ስንል ማንንም ሳንከስ ጉዳቱ በእኛ ላይ መውደቁን እንናገራለን። ይህ ቅጥያ የመስተዋድዱ «በ» እና የተውላጠ ስሙ ጥምር ነው፤ ጥንዱም «-ልን» ከ«ለ» የመጣ ነው። በግዕዝ «ለነ» እና «ብነ» ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ ቃላት ናቸው፤ እንዲያውም «ብነ» በዚያ «አለን» ማለት ስለሆነ የባለቤትነት እንጂ የጉዳት መልክ የለውም። አማርኛ ሁለቱን ወደ ግሱ ውስጥ አስገብቶ አንዱን የጥቅም፣ ሌላውን የጉዳት ምልክት ማድረጉ የቋንቋችን ትልቅ ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ «-ብን» ጉዳቱ የት እንደደረሰ አይናገርም። «35ቱ ካርቶኖች ተበላሹብን» ብለው ቢጽፉ አቅራቢው «በእናንተ መጋዘን ነው የተበላሹት» ለማለት በር ያገኛል። ስለዚህ ለመዘግየቱ «ዘገየብን» ይበሉ፤ ለብልሽቱ ግን «ስንረከብ 35ቱ ውኃ የነካቸው ሆነው ተገኙ» ብለው ይጻፉ። «ተገኙ» ማንንም ሳይወነጅል «ስንረከብ» ከሚለው ጋር ሆኖ ጊዜውንና ሁኔታውን ያስመዘግባል። ደብዳቤው ለሥራ አስኪያጁ በስም የሚጻፍ ከሆነና «እርስዎ» የሚሉ ከሆነ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሆናል፤ ጥፋቱን በአንቱታ ግስ መጻፍ ድርጅቱን ሳይሆን ሰውዬውን መክሰስ ነውና።

ወደ ጥያቄው ስንደርስ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። እዚህ «-ልን» አደገኛ ነው። «ከፈለን» ማለት ለእኛ ገንዘብ ሰጠን ማለት ነው፤ «ከፈለልን» ማለት ግን እኛ ለሌላ ሰው ልንከፍል የሚገባንን በእኛ ፈንታ ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ «ካሳ እንድትከፍሉልን» የሚል ሰው፣ ሳያስበው፣ ካሳ ከፋዩ ራሱ እንደሆነና አቅራቢው ውለታ እንደሚውልለት ጽፏል። የእርስዎ «ይደረግልን ዘንድ» ደግሞ ውለታነቱንም የአድራጊውን መጥፋትም አንድ ላይ ይዟል። «ትብብራችሁን» እና «የሚቻል ከሆነ» ሲጨመሩበት ዕዳው ፈጽሞ ስጦታ ይሆናል።

«ማካካሻ» የሚለውንም ይተዉት። ያመለጠ ትምህርት በሌላ ሰዓት ሲሰጥ «የማካካሻ ትምህርት» እንደምንለው፣ ቃሉ የጎደለውን በሌላ ነገር ማሟላትን ይፈቅዳል። አቅራቢው በሚቀጥለው ትእዛዝ ጥቂት ቅናሽ አድርጎ «ይኸው አካካስኩ» ቢል በቃሉ አይከሰስም። ገንዘብ ከፈለጉ «ካሳ» ይበሉ። ለተበላሹት ካርቶኖች የከፈሉት ዋጋ ግን «ተመላሽ» እንጂ ካሳ አይደለም፤ ካሳ የሚሆነው ምትኩን በውድ በመግዛትዎ ያወጡት ልዩነት ነው። ሁለቱን ለይተው ካልጻፉ ተመላሹን ሰጥተው ካሳውን የከፈሉ ሊመስላቸው ይችላል።

በግል ምርጫዬ «ካሳ እንድትከፍሉን» ከማለት «እንድትክሱን» ማለትን እወዳለሁ። ካሰ ሙሉ ግስ ነው፤ ትግርኛው «ካሕሳ» እንደሚያሳየን በ«ካ» ውስጥ የተዋጠ ጥንታዊ «ሕ» አለ፤ እንዲህ ያለ ዘር ያለው ግስ እያለ ስሙን ነጥሎ «ከፈለ»ን ማስከተል ለጆሮዬ የግስ ድህነት ነው። ነገር ግን «ካሳ መክፈል» በጽሕፈትም በንግግርም ጸንቷል፤ የገንዘቡን መጠን ለማስገባትም ይመቻል። በንግድ ደብዳቤ ልከለክልዎ አልችልም።

«እንጠይቃለን» ደካማ ነው፣ «እናሳስባለን» ይሁን የሚሉም አሉ። ጠየቀ በግዕዝ መመርመርና ማረጋገጥ ነው፤ «ጥዩቅ»ም የተረጋገጠ ማለት ነው፤ «ተጠያቂ» የምንለውም ከዚሁ ነው። በውስጡ ልመና የለም። «እናሳስባለን» ማለት ማስታወስ ስለሆነ ለሁለተኛው ደብዳቤ ይቆይ።

ደብዳቤዎ እንግዲህ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«በውላችን መሠረት ያዘዝነው 200 ካርቶን ወረቀት 9 ቀን ዘግይቶብናል፤ ስንረከብም 35ቱ ውኃ የነካቸው ሆነው ተገኝተዋል። ይህም በርክክቡ ሰነድ ላይ ተመዝግቧል። ሥራችን እንዳይቋረጥ ምትካቸውን ከሌላ አቅራቢ በበለጠ ዋጋ ለመግዛት ተገደናል። ስለዚህ ድርጅታችሁ የ35ቱን ካርቶን ዋጋ እንዲመልስልን፣ በተጨማሪም ከላይ ለተጠቀሰው የዋጋ ልዩነት ካሳ እንዲከፍለን በአክብሮት እንጠይቃለን። ክፍያው ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም እንጠብቃለን። ይህ ሳይሆን ቢቀር ጉዳዩን በሕግ አግባብ ለመከታተል እንገደዳለን።»

ሁለቱን የገንዘብ መጠኖች በአኃዝና በፊደል ለየብቻ ያስገቡባቸው፤ በርክክቡ ሰነድ ላይ ብልሽቱ ካልተመዘገበ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ያውጡት። «እንዲመልስልን» ላይ «-ልን»ን ያልነቀልኩት መመለስ የሚለው ግስ ተቀባዩን በ«ለ» ስለሚወስድ ነው፤ ውለታ አያስመስልም። «እንገደዳለን» ላይ ተደራጊውን የተውኩትም አውቄ ነው፤ የተሰወረው አስገዳጅ የእነርሱ ዝምታ መሆኑን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል፤ «እናሳያችኋለን» ግን ምን እንደሚያሳዩ ስለማይናገር ማስፈራራት ብቻ ሆኖ ይቀራል። «በአስቸኳይ» ከማለትም ቀን መቁጠር ይሻላል፤ የአስቸኳይ ልክ በአቅራቢው ዘንድ ሌላ ነው።

«ተገቢውን ማካካሻ እናደርጋለን» የሚል መልስ ከመጣልዎ ገና አልተስማሙም ማለት ነው። «ማካካሻ ያላችሁት በደብዳቤያችን የጠየቅነውን ተመላሽና ካሳ እንደሆነ ተረድተናል» ብለው መጠኑን ደግመው ይጻፉላቸው።