ስክሪንሾት ላይ ያለ ቃል በፎቶሾፕ ቀይሮ ከሌላው ጽሁፍ ጋር ማመሳሰል፦ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ

ከማራኪ፦ ለፒያሳ ባለሱቆች የሽያጭ አፕ ማስተማሪያ እየሰራሁ ነው፣ የደንበኛውን ስም ደብቄ ሌላ ስም ሳስገባ ግን ፊደሉ ከሌላው አይመሳሰልም። ፎንቱን በምን ልወቅ?

አንድሮይድ ላይ አማርኛው አብዛኛውን ጊዜ Noto Sans Ethiopic ነው፣ በነጻ ይወርዳል። ቁጥሩና እንግሊዝኛው Roboto ነው። አይፎን ከሆነ አማርኛው Kefa ነው። ግን በአይንህ አትገምት ወንድሜ፣ አዲሱን ስም ከመጻፍህ በፊት የድሮውን ስም ራሱን እላዩ ላይ ጻፈው። ከጽሁፉ ስር የጀርባውን ቀለም የያዘ ሳጥን አድርግና ሁለቱን አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገብተህ የግሩፑን ብሌንድ ሞድ Difference በለው። ልክ ሲገጥም ቦታው ሁሉ ጥቁር ይሆናል፣ ያልገጠመው ደግሞ አብርቶ ይታያል። ከዛ ግሩፑን ወደ Normal መልሰህ ቃሉን ብቻ ቀይረው። እኔ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ከአዘዞ፦ አፑ ላይ መጠኑ 16 ነው ተባልኩ፣ ፎቶሾፕ ላይ 16 ስለው ግን በጣም አነሰ።

16ቱ የአፑ መለኪያ እንጂ ፒክስል አይደለም። ስልኩ ዴንሲቲው 480 ከሆነ በ3 ታባዛለህ፣ 48 ፒክስል ይመጣል፣ 420 ከሆነ ግን 42 ነው፣ ሁለቱም 1080 ስፋት ያላቸው ስልኮች ላይ ያጋጥማሉ። ባለቤቱ ሴቲንግ ላይ ፊደል አሳድጎ ከሆነ ደግሞ ይሄም አይሰራም። ስለዚህ መጀመሪያ የፊደሉን ቁመት አስተካክል። ቁመቱ ገጥሞ የመጀመሪያው ፊደል ልክ ሆኖ ወደ ቀኝ እየሄደ ከተንሸራተተ ችግሩ የፊደል ክፍተቱ ነው፣ ያኔ ትራኪንጉን ትንሽ ትንሽ እያልክ ነካካው።

ሌላ አባል፦ ምን ያደክማል፣ Smooth ማድረግ ነው፣ ጠርዙ ይለሰልሳል አለቀ!

ግማሹ ልክ ነው፣ ማለስለስ የግድ ነው፣ None ካልከው ደረጃ ደረጃ ይሰራል። ግን 800% አጉላና የዋናውን ጠርዝ እይ፣ የስልክ ጽሁፍ ጠርዝ ግራጫ ነው። ያንተ ላይ ቀይና ሰማያዊ ካየህ ለኮምፒውተር ስክሪን የተሰራውን ማለስለሻ ነው የመረጥከው። ግራጫ ከሆነ Sharp፣ Strong፣ Smooth እያልክ በየተራ Difference ላይ ሞክራቸው፣ ትንሹን ጭረት የሚተወውን ያዝ። የፊደሉን ቀለምም ከወፍራሙ መሃል ውሰድ፣ ከጠርዙ ከወሰድክ ፈዞ ይቀራል።

ከአራዳ፦ የኔ በቴሌግራም የተላከልኝ ነው፣ በፊደሎቹ ዙሪያ ቆሻሻ ነገር አለ።

በፎቶ ስለላኩልህ ተጨምቆ ነው እህቴ፣ በፋይል ድጋሚ ላኩልኝ በያቸው። አዲሱ ፊደል ንጹህ ሆኖ አጠገቡ ያለው ቆሻሻ ከሆነ መቼም አይመሳሰልም።

ያው ከአራዳ፦ እሺ፣ ደረሰኝ ላይ የብሩን መጠንስ እንዲሁ ይቀየራል?

የሰው ደረሰኝ ላይ እኔ የለሁበትም። ለማስተማሪያ ከሆነ ስክሪኑ ላይ በትልቁ «ናሙና» ብለሽ ጻፊበት።

ከማራኪ፦ ሞከርኩት፣ ቁጥሩ ጥቁር ሆነ፣ አማርኛው ግን «ጨ» እና «ጠ» ላይ አሁንም ያበራል። ስልኩ ሳምሰንግ ነው።

የስልኩ ስታይል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ሴቲንግ ላይ የቱ ፎንት እንደተመረጠ እይና ጻፍልኝ። ሳምሰንግ ላይ የሞከረ ሌላ ሰው ካለም ይናገር።