ደንበኛችሁ ስለ እናንተ ምን ብሎ ይናገር?

በማማከር ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፦

ሥራችሁን ጨርሳችሁ፣ ሪፖርቱን አስረክባችሁ፣ ክፍያው ገብቶ ደንበኛው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ገላገላችሁኝ» ሲላችሁ ደስ ብሏችሁ ትወጣላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ደንበኛ ፍለጋ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ያ ያመሰገናችሁ ሰው በየለቅሶው፣ በየዕቁቡና በየሠርጉ እንደናንተ ያለ ባለሙያ ከሚፈልጉ ነጋዴዎች ጋር እየተቀመጠ ስማችሁን አያነሳም። ክፋት የለውም፤ የሚናገረው ስለሌለው ነው። «ጎበዝ ልጆች ናቸው» ካለ በኋላ «ምን ሠሩልህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ያጥረዋል።

የሚናገረውን በአፉ የምታኖሩለት እናንተ ናችሁ፤ ይህም የሚጀመረው ውሉ በተፈረመበት ሳምንት ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዤ ልሂድ። መርካቶ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በጅምላ የምትሸጥ፣ ሁለት መጋዘን ያላት ነጋዴ የሂሳብና የስቶክ አያያዟን እንዲያስተካክልላት አንድ ወጣት አማካሪ ቀጠረች እንበል። ችግሯን ስታስረዳ «ሂሳቤ ተበላሽቷል፣ መጋዘኔ አይታመንም» ትላለች። አማካሪው ይህን ሰምቶ በቀጥታ ወደ ሥራ ቢገባ፣ ከሦስት ወር በኋላ የሚያገኘው ምስክርነት «ሂሳቤን አስተካከለልኝ» የሚል ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ማንም ለማንም ሊናገረው ስለሚችል አዲስ ደንበኛ አያመጣም።

ስለዚህ ከምንም በፊት አንድ ገጽ የመነሻ መዝገብ አዘጋጁ። በላዩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ይበቃል። በምሳሌያችን አማካሪው ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ወሩ ካለቀ በኋላ የወሩ ሂሳብ ተዘግቶ ባለቤቷ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ስንት ቀን ይፈጃል የሚለው ነው፤ 19 ቀን ሆኖ ተገኘ እንበል። ሁለተኛው የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ቢን ካርድና ከቆጠራው መስማማት ጋር የተያያዘ ነው፤ በብዛት ከሚሸጡት 40 ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ ካርዱ ላይ ያለውና መጋዘን ውስጥ የተቆጠረው ያልተስማማላቸው 11 ናቸው እንበል። ቀኑ፣ የቆጠረው ሰው ስምና የዕቃዎቹ ዝርዝር በገጹ ላይ ይሰፍራል፤ ባለቤቷም ትፈርምበታለች። ፊርማው የሚያስፈልገው ሰው ችግሩ ከተቃለለለት በኋላ ችግሩ የቱን ያህል እንደነበር ቶሎ ስለሚረሳ ነው። ከሦስት ወር በኋላ «ያን ያህል እንኳ አልነበረም» ማለት የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በሁለተኛው መለኪያ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሌላ 40 ዕቃ መርጠው፣ ወይም በሌላኛው መጋዘን ቆጥረው ውጤቱን ያወዳድራሉ። ያን ጊዜ የመጋዘኑ ኃላፊ «ቀላል ቀላሉን መርጣችሁ ነው» ቢል መልስ የላችሁም። የተቆጠሩት ያው 40 ዕቃዎች፣ በዚያው መጋዘን፣ በዚያው አቆጣጠር መሆን አለባቸው። ከቻላችሁም ከአማካሪው ይልቅ የደንበኛው ሠራተኛ ይቁጠር። በምሳሌያችን የወሩ ሂሳብ መዝጊያ ከ19 ወደ 5 ቀን ወረደ፤ ያልተስማሙት ዕቃዎችም ከ11 ወደ 2 ዝቅ አሉ እንበል። የቀሩትን ሁለቱን አትደብቁ። ብረትና ሽቦ የሚገዛው በኪሎ፣ የሚሸጠው በቁጥር ሆኖ ልዩነት የሚፈጥር ከሆነ ምክንያቱን ጻፉት። ሁሉም ነገር የተሟላበት ውጤት ነጋዴን ያጠራጥረዋል።

ምስክርነቱን መቼ ትጠይቃላችሁ? የመጨረሻው ክፍያ በሚፈጸምበት ቀን አይደለም፤ ያን ቀን የሰውየው ሐሳብ ገንዘቡ ላይ ነው። ሪፖርት በምታስረክቡበት ቀንም አይደለም፤ ለውጡን ገና አልኖረበትም። ጥሩው ጊዜ ያለ እናንተ እርዳታ አንድ ሙሉ ወር ዘግቶ፣ በራሱ አፍ «በዚህ ወርማ ቀለለን» ሲል ነው። ያችን ቃል በሰማችሁበት ቅጽበት፣ ቢበዛ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። የዘመን መቁጠሪያውንም እወቁት፤ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ግብሩን አሳውቆ እስከ ጥቅምት 30 መጨረስ ስላለበት፣ በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንታት ምስክርነት የምትጠይቁት ነጋዴ ቢቆጣችሁ አትፍረዱበት። ኅዳር አጋማሽ ላይ ግን ግብሩን ሳይሯሯጥ ስላሳወቀ ራሱ ሊያወራችሁ ይፈልጋል።

አጠያየቁም ሙያ አለው። «ምስክርነት ጻፉልን» ካላችሁት ደንበኛው ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ወይ ይረሳዋል፣ ወይ ለጸሐፊዋ ይሰጥና «ድርጅቱ ታማኝ፣ ትጉህና ሙያዊ ብቃት ያለው መሆኑን እየገለጽን» የሚል ደብዳቤ ትልክላችኋለች። አሥር ደቂቃ ለምኑትና አራት ጥያቄ በቃል ጠይቁት። እኛን ከመቅጠርህ በፊት ምን ያስቸግርህ ነበር? ስትቀጥረን ምን ስጋት ነበረህ? አሁን ምን ተለወጠ? ለማን ዓይነት ሰው ይጠቅማል ትላለህ? ፈቃዱን ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱት፤ ወይም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላክላችሁ። ከዚያ በራሱ አነጋገር፣ ከአራት መስመር ሳታስበልጡ ጽፋችሁ መልሱለት።

ለምሳሌ የነጋዴዋ ቃል እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦ «ወሩ አልቆ ሃያ ቀን እስኪጠጋ ድረስ ማትረፌን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ላይ ዋጋው በዛብኝ፣ ሠራተኞቼም ሥራ የሚጨምርባቸው መስሏቸው አኩርፈው ነበር። አሁን በአምስተኛው ቀን ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከባለመጋዘኑ ጋር መጨቃጨቅም ቀርቷል።» «ዋጋው በዛብኝ» የምትለዋን አትሰርዟት። የሚያነበው ነጋዴም በልቡ የያዘው ስጋት እሱ ነውና፣ ከምስጋናው ይልቅ እሷን አምኖ ይደውላል። ሰዋስዉን አታሳምሩ፤ እናንተ የጻፋችሁት ከመሰለ ያበቃለታል።

ስሟንና የድርጅቷን ስም ለመጠቀም ፈቃዷን በጽሑፍ ያዙ፤ በቴሌግራም «እሺ፣ ይሁን» ብትል እንኳ መዝገብ ነው። የት የት እንደምታወጡት ንገሯት። የእኛ አገር ነጋዴ ሽያጩና ትርፉ በብር ተገልጾ እንዲወጣ አይፈልግም፤ ተፎካካሪውንም፣ ሌላውንም ያስባል። ስለዚህ በብር መናገር ተዉና በቀን፣ በሰዓትና በብዛት ተናገሩ። «ከ19 ቀን ወደ 5 ቀን» ማንንም አያጋልጥም። ስሟን ካልፈቀደች «በመርካቶ የግንባታ ዕቃ ጅምላ ነጋዴ» ብላችሁ ጻፉ፤ ክብደቱ ቢቀንስም ከደረቅ ውዳሴ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የማይምታታ ሌላ ወረቀት አለ፤ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ። ይህ ለጨረታ ነው። ጨረታ አውጪው መሥሪያ ቤት ቁጥርና ቀን ያለው፣ በድርጅቱ ደብዳቤ ላይ የተጻፈ፣ ማህተም ያረፈበት፣ የሥራውን ዓይነት፣ የውሉን ዘመንና መጠን ገልጾ በውሉ መሠረት መጠናቀቁን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠይቃችኋል። ይህን ርክክብ እንዳለቀ ውሰዱ፤ የፈረመው ሥራ አስኪያጅ ከተቀየረ በኋላ ማግኘቱ መከራ ነው። ግን ለአዲስ ደንበኛ አታሳዩት፤ ማህተሙን አይቶ ያልፈዋል እንጂ አያነበውም።

አሁን ወደ ሰው ማገናኘቱ እንምጣ። «የሚፈልግ ሰው ካለ ንገሩልኝ» ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። ሰውየው «እሺ» ይላል፣ ማንም ግን ትዝ አይለውም። ትዝ እንዲለው ምልክት ስጡት፦ «ሁለት መጋዘን ኖሮት አንዱን በስልክ የሚያስተዳድር፣ ወይም በየቆጠራው ከመጋዘን ኃላፊው ጋር የሚጣላ ሰው ታውቂያለሽ?» ነጋዴዋ ያን ጊዜ የዕቁብ ጓደኛዋን ታስባለች። አንድ ሰው ይበቃል፤ ሦስት ስም ከጠየቃችኋት ዝርዝር ማውጣት ይሆንባትና ትተወዋለች።

ስልክ ተቀብላችሁ ራሳችሁ አትደውሉ። ያ ሰው «ስልኬን ማን ሰጣቸው?» ብሎ እሷን ይቀየማታል። ይልቅ እሷ የምትልከው አጭር መልእክት ጻፉላት፣ እንደሚመቻት ትለውጠው፦ «ሰላም ነህ? የስቶካችንን ጣጣ ያስተካከለልን ልጅ አለ። አንተም ባለፈው በሁለተኛው መጋዘን ስትማረር ስለሰማሁ ነው። ስልኩን ልላክልህ?» መጨረሻው ላይ ያለችው ጥያቄ ለተቀባዩ እንቢ የማለት በር ትተውለታለች፤ ለዚህም ነው ለመላክ የማታፍረው።

ሰውየው ሲደውል በዚያው ቀን መልሱ። አንዳንዱ «በእገሊት በኩል ነው የመጣሁት» ካለ በኋላ ቅናሽ ይጠብቃል። ዋጋ ከቀነሳችሁለት ለነጋዴዋ ይነግራታል፣ እሷም በሙሉ ዋጋ የከፈለች ሞኝ እንደሆነች ይሰማታል። የመጀመሪያውን የአንድ ሰዓት ምክክር በነፃ አድርጉለት፣ ዋጋውን ግን አትንኩ። ሥራው የእናንተ ካልሆነ ቶሎ እንቢ በሉና የሚችለውን ባለሙያ ጠቁሙት። ጉዳዩን አንጠልጥላችሁ ካቆያችሁት የሚበላሸው የነጋዴዋ ስም ነው፤ ሁለተኛ ሰውም አትልክላችሁም።

ቀጥላችሁም ወደ እሷ ተመለሱ። «ተገናኝተናል፣ እናመሰግናለን» የሚል አንድ መስመር በሳምንት ውስጥ ይድረሳት። ስለ ሰውየው ሂሳብ ግን ትንፍሽ አትበሉ። ብትነግሯት፣ የእሷንም ጉዳይ ለሌላ እንደምታወሩ ወዲያው ይገባታል።

ስለ ኮሚሽን ትጠይቁኛላችሁ። ሰው ላገናኘ ደንበኛ ገንዘብ አትስጡ። ገንዘብ እንደተቀበለ ከታወቀ የመሰከረው ሁሉ የተገዛ ይመስላል። የሚያገናኛችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የባንክ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጉቦ ነው፤ ሁለታችሁንም ያስከስሳል። ለበዓል አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ቤቷ መሄድ ይበቃል፣ ያውም ሰው ላከችም አልላከችም።

ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ያዙት፦ ማን፣ ማንን ላከ፣ መቼ፣ ምን ሆነ። ደብተሩን በየስድስት ወሩ ስትገልጡት አንድ ነገር ታያላችሁ። በብዛት የሚልኩላችሁ ከሁሉ በላይ ያመሰገኗችሁ አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚያማክራቸው ናቸው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ መሥሪያ ቤት በቀየረች ቁጥር ይዛችሁ ትሄድ ይሆናል፤ አለቃዋ ግን አንድም ሰው ልኮላችሁ አያውቅም። እንዲህ ያሉትን ለዩና በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ምክንያት ይዛችሁ ደውሉላቸው። የታክስ ደንብ ሲለወጥ እነሱን የሚነካውን በሁለት መስመር ጽፎ መላክ ጥሩ ምክንያት ነው። በዚያ መልእክት መጨረሻ ላይ «ሰው ካለ» የምትለዋን አታስገቡ።