ምንቃሩ የት ገባ? የክንፉስ ሰረዝ? (ጥያቄና መልስ ከጎጃም ወፍ አንሺዎች ጋር)

ሰሞኑን ፎቶ እየላካችሁ «ይህ ወፍ ምንድን ነው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። አብዛኛው ፎቶ ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ወፉ የታየበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምመልሰው በዚሁ ጉዳይ ላይ የመጡትን ብቻ ነው። ካሜራ ልግዛ ወይስ ሌንስ የምትሉ ለሌላ ቀን ቆዩኝ።

ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ባሕር ዛፍ ላይ የተቀመጠ ቁራ ከሥሩ ቆሜ አነሳሁ። መጽሐፉ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ ነው ይላል። የኔው ግን ቀጭን ነው፤ አጭርም ይመስላል። ሌላ ቁራ ነው ማለት ነው? (ተማሪ)

ገና አልታወቀም። ፎቶሽ ሊነግረን የማይችለውን ነገር እየጠየቅነው ነው።

የደጋችን ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ምንቃሩ የሚወፍረው ከላይ ወደ ታች ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ግን ጠበብ ያለ ነው። መጽሐፍ ላይ ሁሌም በጎኑ ስለሚሣል ያ ውፍረት ጎልቶ ይታያል። ከሥሩ ሆነሽ ስታዪው የምታዪው የታችኛውን መንጋጋ ሆድ ነው። ያ ደግሞ ጠባቡ በኩል ነው። ጎበጥ ያለው የላይኛው ጀርባው ሙሉ በሙሉ ከኋላ ተደብቋል።

ቁራው 12 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር እንበል። ከግንዱ 5 ሜትር ርቀሽ ስልክሽን ወደ ላይ ብታነሺ የምታዪው በ65 ዲግሪ ገደማ ነው። ከምንቃሩ ውፍረት ለዓይንሽ የሚተርፈው ከግማሽ በታች ነው። እዚያው መንገድ ላይ 30 ሜትር ብትርቂ ግን ማዕዘኑ ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል፤ ውፍረቱም ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይታያል። ወፉ በፎቶው ላይ ያንሳል፣ እውነት ነው። ግን ትንሽ ሆኖ ቅርጹን የጠበቀ ምንቃር፣ ትልቅ ሆኖ ቅርጹ ከጠፋ ምንቃር ይሻለኛል።

«አጭር ይመስላል» ያልሽው ሌላ ምክንያት አለው። የባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ የምንቃር ጫፍ ነጭ ነው። ከጀርባው ያለው ሰማይ በደመና ነጥቷል። ነጭ ጫፍ በነጭ ሰማይ ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። ስለዚህ ምንቃሩ ጥቁሩ ባለቀበት ቦታ ያለቀ ይመስላል፤ ደምዳማ ይሆናል። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ጅራተ አጭሩን ቁራ ነው ብሎ ይጽፋል።

አሁን ከታች የሚታየውን እንጠቀም። ጅራቱ ከክንፎቹ ጫፍ በደንብ አልፎ ወርዷል፤ ስለዚህ ጅራተ አጭሩ አይደለም። የእሱ ክንፍ ሲታጠፍ ጅራቱን ያልፈዋል። ደረቱ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ደረተ ነጩም ወጣ። የቀሩን ሁለት ናቸው፤ ባለ ወፍራም ምንቃሩና በእርሻ ቦታ የሚታየው ቀጭን ምንቃር ያለው ጥቁር ቁራ። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ደግሞ ያው የጠፋብን ነገር ነው፤ ምንቃሩ በጎኑ። በተከታታይ ካነሳሽው ውስጥ ጭንቅላቱን ያዞረበት አንድ ፎቶ አይጠፋም። ደብዛዛም ቢሆን እሱን ላኪልኝ።

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ጥፋቱ የዙም ነው። ዙም ነገርን ይጨፈልቃል። በቅርብ ሆኖ ያለ ዙም ማንሳት ነው መፍትሔው። (ከቡሬ)

ግማሹን አግኝተኸዋል ወንድሜ። ፎቶው የተጨፈለቀ መምሰሉ ልክ ነው። የሚጨፈልቀው ግን ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። እዚያው ቆመህ ያለ ዙም ብታነሳና በኋላ ቆርጠህ ብታሳድገው ያንኑ ምስል ታገኛለህ፤ ጥራቱ ይቀንሳል እንጂ።

ርቀቱ የሚያደርገው ይህን ነው። አፍንጫህ ሥር የያዝከው ዕቃ ወደ አንተ የቀረበው ጫፉ ገዝፎ ስለሚታይህ ወደ አንተ መዞሩን ታውቃለህ። 10 ሜትር ላይ ያለ ወፍ ግን የምንቃሩ ጫፍና ሥሩ ከአንተ ያላቸው ርቀት ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ዓይን ያን አይለይም። ወደ አንተ የዞረ ረጅም ምንቃርና በተፈጥሮው አጭር የሆነ ምንቃር አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ወፉ ከጎኑ 30 ዲግሪ ብቻ ቢዞር ርዝመቱ ብዙም አይጎድልም። 60 ዲግሪ ሲዞር ግን እኩሌታው ሄደ። ለዚህ ነው «ትንሽ ብቻ ነው የዞረው» የሚባለው ፎቶ አንዳንዴ ደህና፣ አንዳንዴ ደግሞ የማይረባ የሚሆነው።

በቅርብ ማንሳት ያልከውን ደግሞ ዛፍ ላይ ላለ ወፍ አትሞክረው። መቅረብ ማለት ከሥሩ መግባት ነው። የላይኛዋ እህታችን የሆነችውን ትሆናለህ።

ከዳንግላ ነው የምጽፍልህ ልጄ። ቁራ ጫጩቶቼን ጨረሰብኝ። ፎቶውን ልጄ ከኋላው አንስቶልኛል፤ አንገቱ ላይ ነጭ አለበት። የትኛው ነው ጫጩት የሚበላው?

እትዬ፣ ቁራ የተባለ ሁሉ ጫጩት ካገኘ አይምርም። ትንንሾቹን እስኪጠነክሩ ድረስ ከላይ በተከደነ ነገር ውስጥ ያኑሯቸው፤ ከእኔ የሚያገኙት ምክር ይኸው ነው። ፎቶዎ ግን ለእኔ ትልቅ ጥያቄ አመጣልኝና ይፍቀዱልኝ።

ከኋላ ሲታዩ ሁለት ቁራዎች ነጭ አላቸው። ባለ ወፍራም ምንቃሩ ከራሱ ቅል ጀርባ ጀምሮ ማጅራቱ ላይ የወረደ ነጭ ምልክት አለው። ደረተ ነጩ ደግሞ አንገቱ ሥር፣ ከትከሻው በላይ የሚዞር ነጭ አንገትጌ አለው። ቆመው አንገታቸውን ሲያስረዝሙ ማንም አይሳሳትም፤ አንደኛው ላይ ነው፣ አንደኛው ታች። ጭንቀቱ ቁራው አንገቱን ሲሰበስብ ነው። ያኔ ታች ያለው አንገትጌ ከጭንቅላቱ ጋር ይገጥምና ላይ ያለ ይመስላል። የእርስዎም ቁራ ጣሪያው ላይ ኩርምት ብሏል።

እንዲህ ሲሆን የነጩን ከፍታ ትቼ ጠርዙን ነው የማየው። የደረተ ነጩ ነጭ በአንገቱ ግራና ቀኝ ዞሮ ወደ ደረቱ ይሄዳል። የባለ ወፍራም ምንቃሩ ግን ማጅራቱ ላይ ያበቃል፤ ጎኑና ጎኑ ጥቁር ነው። ፎቶዎ ላይ በቀኝ በኩል ነጩ ወደ ፊት ታጥፎ ሲሄድ ትንሽ ይታየኛል። ስለዚህ ደረተ ነጭ እላለሁ። ልጅዎ ከፊቱ አንድ ቢያነሳው ግን ክርክሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር።

የኔ ጥያቄ ስለ ቁራ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ሽቦ ላይ ሁለት ድንቢጦች አሉ። ራሳቸው ግራጫ፣ ወገባቸው ቀላ ያለ። አንዱ ትከሻው ላይ ነጭ ሰረዝ አለው፣ ሌላው የለውም። ወንድና ሴት ናቸው አይደል?

ይመስላል፣ ግን በዚህ ድንቢጥ ወንዱና ሴቷ ብዙም አይለያዩም። ሁለቱም ያቺ አጭር ነጭ ሰረዝ አለቻቸው። የሚለያዩት አቀማመጣቸው ነው። አንዱ ጎኑን ሰጥቶሃል፤ ሌላው ደረቱን።

ሰረዙ ክንፉ ላይ እንደ ቀለም የተቀባ እንዳይመስልህ። ክንፉን የሚሸፍኑት ትንንሽ ላባዎች በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። የአንዱ ረድፍ ላባዎች ጫፋቸው ነጭ ከሆነ፣ ክንፉ ሲታጠፍ ጫፎቹ ይገጣጠሙና ሰረዝ ይሆናሉ። ስለዚህ ሰረዙ የሚኖረው ጫፎቹ ወደ አንተ ሲዞሩ ብቻ ነው። ወፉ ፊቱን ሲያዞርብህ የክንፉን ስለት እንጂ ገጹን አታይም። ከሥሩ ስታየው ደግሞ ደረቱና ሆዱ ይጋርዱታል። ከኋላ ስታየው የትከሻው ላባዎች ከላይ ወርደው ረድፉን ይሸፍኑታል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ብርዱ ነው። ጠዋት ድንቢጥ ሰውነቱን ይነፋል። የደረቱ ጎን ላባ ያብጥና የክንፉን መታጠፊያ ይውጠዋል። ያኔ በጎኑ ብታነሳውም ሰረዙ ላይታይ ይችላል። ፀሐይ ሞቆት ላባውን ሲያስተካክል ጠብቅና አንሳው፤ ክንፉን ዘርግቶ ሲያጥፍ ሰረዟ ብቅ ትላለች።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የላባ ጫፍ በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ነጩ ክፍል ደግሞ ከጥቁሩ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በደንብ በጎኑ ተነስቶም ሰረዙ የሳሳ ወፍ ይኖራል። «አላየሁም» እና «የለውም» የሚሉትን ለይታችሁ ጻፉልኝ።

ጋሼ፣ ያልከውን ፎቶ አገኘሁት። ደብዛዛ ነው፤ ግን ዞሯል። (ተማሪዋ)

አየሁት፣ ጎሽ! ምንቃሩ ከግንባሩ ተነስቶ ጎበጥ ብሎ ይወርዳል፤ ማጅራቱ ላይም ነጩ አለ። ባለ ወፍራም ምንቃሩ ነው። አራቱን ጥርት ያሉ ፎቶዎች አንድ ደብዛዛ በለጣቸው።

ቁራው ጥቁር ጥላ ብቻ ሲሆንብኝስ? ስልኬ ላይ ብርሃኑን ከፍ ላድርግ? (ከእንጅባራ)

ወፉን ነካ አድርግና ብርሃኑን ወደ ላይ ሳበው፤ ሆዱና ደረቱ ይወጡልሃል። ግን ነጭ ነገር ሁሉ የባሰ ይነጣል፤ የምንቃሩ ጫፍም ሰማዩ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ አንዱን ከፍ አድርገህ፣ አንዱን ዝቅ አድርገህ ሁለት አንሳ። ከተቻለህ ደግሞ ከበስተ ጀርባው ቅጠል ወይም ተራራ እንዲሆን ቦታ ቀይር።

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሾላ ላይ ያነሳኋት ትንሽ ወፍ። ሦስቱም ፎቶ ከሥሯ ነው። ሆዷ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ክንፏ ላይ ሰረዝ ስለሌለ ከአውሮፓ የምትመጣዋ ናት ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ?

ልትሆን ትችላለች። በበጋ እዚያ አካባቢ እነዚያ ይበዛሉ። ግን «ሰረዝ ስለሌለ» ያልከው አይሠራም። በሦስቱም ፎቶ የክንፏ የላይ ገጽ አልታየም። ምንቃሯም ወደ አንተ ስለዞረ ቀጭን ይሁን ደንዳና አይለይም። ስለ እግሯ ቀለም ትጠይቀኝ ይሆናል፤ እሱም ጥላ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ስም ሳልሰጥ መተው አልወድም።

«ትንሽ፣ ሆደ ቢጫ፣ ከታች ብቻ የታየች» ብለህ ጻፍ። ሌላ ሰው የተሻለ ዓይን ካለው እዚሁ ይንገረን፤ እኔ ከዚህ በላይ አልደፍርም።

እኔ ግን አሁንም ዙሙ ነው እላለሁ። (ከቡሬ)

እንግዲህ አንድ ቀን ሰፊ ሜዳ ላይ ጣሳ አስቀምጠን እንሞክረዋለን።