ትራንስክሪፕት ጠይቃችሁ ወር ሲሞላ ለሬጅስትራር ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

አገር ቤት ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ጠይቃችሁ ወር ሞላ። ለኢሜይሉ መልስ የለም። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን የምንጽፈው «እባካችሁ አንድ ወር ሆነኝ፣ ጉዳዬ ምን ላይ ደረሰ?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መልስ የሚያጣው ሠራተኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ፋይላችሁን ለመፈለግ የሚያስፈልገው ነገር ደብዳቤው ላይ ስለሌለ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ደብዳቤያችሁ ፋይሉን የሚያስገኝና በአጭሩ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ የያዘ ይሁን።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሰነዱ አለመላኩን አረጋግጡ። እንደ ዌስ ያሉ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በታሸገ ኤንቨሎፕ በቀጥታ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። እጃችሁ ላይ ያለውን ስቱደንት ኮፒ አይቀበሉም። ማመልከቻ ስትከፍቱ የሰጧችሁ የማጣቀሻ ቁጥር ኤንቨሎፑ ላይ ካልተጻፈ ሰነዱ ደርሶም የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። አካውንታችሁን ክፈቱና ተመልከቱ። ዩኒቨርሲቲው ልኮላችሁ እያለ የወቀሳ ደብዳቤ መጻፍ ያሳዝናል።

አንዲት ዴንቨር የምትኖር እህታችን ያጋጠማትን ልንገራችሁ። እሷም ለሌላው ይጥቀም ብላ ፈቅዳልኛለች። በአካውንቲንግ የተመረቀችው በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ነው። ጥያቄዋን በኢሜይል ስትልክ ግን አሜሪካ ለሚሞላው ቅጽ እንደለመደችው «በ2012 የተመረቅሁ» ብላ ጻፈች። ሠራተኛው የ2012 ዓ.ም. ተመራቂዎችን መዝገብ አገላበጠ፣ ስሟን አጣ፣ ጉዳዩን ወደ ጎን አስቀመጠ። ሁለቱም ዓመቶች በእኛ መዝገብ ላይ ስላሉ ስህተቱን የሚጠረጥር ሰው አልነበረም። ዓመት ስትጽፉ ምንጊዜም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

ስምም እንዲሁ ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያኔ ዩኒቨርሲቲው ከመዘገበው በአንድ ፊደል ሊለይ ይችላል። ዜግነት ሲቀየር የባሏን ስም የወሰደችም ብዙ ናት። የመዝገቡን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉና አሁን የምትጠቀሙበትን ከሥሩ አስከትሉ። የዩኒቨርሲቲው ስም ተቀይሮም ከሆነ የያኔውን ጥቀሱ። ለምሳሌ የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐሮማያም ዓለማያ ነበር። የመታወቂያ ቁጥራችሁን ከረሳችሁት ስቱደንት ኮፒው ላይ ታገኙታላችሁ።

እህታችን በኋላ የላከችው ደብዳቤ ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፦

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ……… ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽ/ቤት

ጉዳዩ፦ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የጠየቅሁት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያለበትን ደረጃ ስለመጠየቅ

በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ስሜ ………፣ የመታወቂያ ቁጥሬ ……… ነው። በአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል፣ በመደበኛው መርሐ ግብር፣ ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. ተምሬ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 2012) በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄአለሁ።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴ ወደ ውጭ አገር እንዲላክልኝ ከላይ በተጠቀሰው ቀን አመልክቼ የአገልግሎት ክፍያውን በወንድሜ በኩል በባንክ ፈጽሜአለሁ። የማመልከቻው፣ የባንክ ደረሰኙና የስቱደንት ኮፒዬ ቅጂዎች ተያይዘዋል። በቀደመው ማመልከቻዬ የምረቃ ዓመቴን በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ ስለጻፍሁ በዚህ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ ያልተጠናቀቀው በክፍያ፣ በወጪ መጋራት ማስረጃ ወይም በሌላ ምክንያት ከሆነ እንዲገለጽልኝ፣ ተልኮም ከሆነ የተላከበት ቀንና የመላኪያ ቁጥሩ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በአካል መሟላት ያለበት ነገር ካለ ሕጋዊ ወኪሌ ………፣ ስልክ ………፣ ይቀርባል።

ከሰላምታ ጋር

እዚህ ላይ የመጨረሻውን አንቀጽ ልብ በሉ። ሠራተኛው ታሪክ መጻፍ አይጠበቅበትም። «የወጪ መጋራት ማስረጃ ይቅረብ» ብሎ በአንድ መስመር ሊመልስ ይችላል። ለእሷም የመጣላት መልስ ይኸው ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል። ከደመወዙ እየተቆረጠ ሳይጨርስ አገር የለቀቀ ብዙ ነው። ዕዳው ተከፍሎ ማስረጃው ካልቀረበ ኦፊሻሉ አይወጣም፤ ይህንንም ቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። ወር ሙሉ ዝም ከተባላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ቀሪው ሒሳብ ስንት እንደሆነና የት እንደሚከፈል ጠይቁ፣ ክፈሉ፣ መክፈላችሁን የሚገልጸው ደብዳቤ ለሬጅስትራሩ መድረሱንም ተከታተሉ።

ሁለተኛው ችግር ክፍያው ነበር። ወንድሟ ገንዘቡን ባንክ ያስገባው በራሱ ስም ነው። ወረቀቱ ላይ የእሷ ስም የለም። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የባንኩ ወረቀት ፋይናንስ ክፍል ቀርቦ በደረሰኝ ካልተቀየረ እንደተከፈለ አይቆጠርም። ገንዘቡ ገብቷል፣ እሷ ግን በመዝገቡ ያልከፈለች ነበረች። የሚከፍልላችሁ ሰው የእናንተን ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ያስጽፍ።

ደብዳቤውን በኢሜይል ላኩት፣ ግን በዚያ ብቻ አትተማመኑ። አትማችሁ ፈርሙበትና ወኪላችሁ በሁለት ቅጂ ይዞ መዝገብ ቤት ይግባ። አንዱን ያስገባል፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ምን ደረሰ?» መሆኑ ይቀራል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር የገባው ደብዳቤ ለማን ተመራ?» ይሆናል። የተመራለት ሰው ሲታወቅ ቢሮው ይታወቃል፣ ወኪላችሁም በር ለበር ከመንከራተት ይድናል። ይህች የገቢ ቁጥር ከአሥር ኢሜይል ትበልጣለች እላለሁ።

ወኪሉ ወንድምም ይሁን እናት ውክልና ይጠየቃል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ ስትሰጡ «ከዩኒቨርሲቲ የትምህርት ማስረጃዬን እንዲጠይቅ፣ እንዲከፍልና እንዲያስልክ» የሚለው በግልጽ ይግባበት። ለቤት ወይም ለመኪና የተሰጠ የቆየ ውክልና ሬጅስትራር ላይ ላይሠራ ይችላል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስም በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው አይሄድም፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ይህ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ትራንስክሪፕቱን በጠየቃችሁበት ሳምንት ጀምሩት።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልበል። «የዜግነት መብቴ ነው፣ ለበላይ አካል አቀርባለሁ» የሚል በመጀመሪያው ደብዳቤ አታስገቡ። የገቢ ቁጥር ይዛችሁ፣ የተጠየቃችሁትን ሁሉ አሟልታችሁ፣ አሁንም ዝም ከተባላችሁ በሁለት ሳምንቱ ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። የፊተኛውን ቁጥርና ቀን ጥቀሱ፣ ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽ/ቤት» በሉና አንዱን ቅጂ እዚያም አስገቡ። የበላዩ ጉዳዩን ያውቀዋል፣ ከሠራተኛውም ጋር ቃላት አልተለዋወጣችሁም።

የምዝገባና የምረቃ ሰሞን ከሆነ ግን ትንሽ ታገሡ። መስከረምና ሰኔ ላይ ያ ቢሮ በተማሪ ይጨናነቃል። ዌስም ሆነ ትምህርት ቤታችሁ የሰጣችሁ የመጨረሻ ቀን ካለ ደብዳቤው ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፣ ቀኑን የሚያሳየውን ወረቀትም አያይዙ።