ቻናሉ የጋራ፣ ሒሳቡ በነጥብ

«እኔ፣ እህቴና አንድ ጓደኛችን ዩቲዩብ ቻናል አለን። አሁን ገንዘብ መግባት ጀምሯል። እኩል እንካፈል ወይስ እንደየሥራችን? ውል እንጻፍ ስላቸው ደግሞ ‹አትተማመኝብንም ማለት ነው?› አሉኝ። ምን ይሻላል?»

እኔም ከወንድሜና ከአንድ አብሮ አደጋችን ጋር ቻናል ስላለኝ ጉዳዩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። እኩል መካፈሉን ተዉት። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ደስ ይለዋል። ቆይቶ ግን ኤዲት የሚያደርገው ሰው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሲያነጋ፣ ሁለት ሰዓት ቀርጾ የሄደው እኩል መውሰዱ ይከነክነዋል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ጓደኛና ዘመድ ስለሆነ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ቪዲዮው ብቻ መዘግየት ይጀምራል። «ኮምፒውተሬ አስቸገረኝ» ይላል። እንዲህ ያለው ሰበብ ሲደጋገም ነገሩ የኮምፒውተር እንዳልሆነ እወቁት።

እኛ ጋ የሠራው መንገድ ነጥብ ነው። አንድ ቪዲዮ 10 ነጥብ አለው። ስክሪፕት 2፣ ካሜራ ፊት ማቅረብ 2፣ ቀረጻ 1፣ ኤዲት 4፣ ታምኔል ሠርቶ፣ ርዕስ ሰጥቶ፣ ጭኖ ኮሜንት መመለስ ደግሞ 1። ቁጥሮቹን እኔን አይታችሁ እንዳትገለብጡ። ሁለት ሦስት ቪዲዮ ስትሠሩ ማን ስንት ሰዓት እንደወሰደበት መዝግቡና ከዚያ አውጡት። አኒሜሽን የምትሠሩ ከሆነ ኤዲቱ 6 ሊሆን ይችላል። ቃለ መጠይቅ ከሆነ ደግሞ እንግዳ ፈልጎ ማሳመን ራሱን የቻለ ሥራ ነውና ነጥብ ይገባዋል። ሾርት ለምትሠሩም ሾርቱ የራሱ ትንሽ ነጥብ ይኑረው።

አንድ ወር በቁጥር ልሥራላችሁ። 500 ዶላር ገባ እንበል። መጀመሪያ ወጪ ይነሳል፤ የኢንተርኔት፣ የሶፍትዌር፣ የትራንስፖርት ተደምሮ 50። ቀሪው 450 ነው። ከዚህ 20 በመቶው፣ ማለትም 90 ዶላር፣ ለሦስቱም እኩል ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ 30። ይህ የባለቤትነት ድርሻ ነው። ቻናሉን አብራችሁ ስለጀመራችሁ፣ ገና ሳንቲም ሳይገባ ስለደከማችሁ የሚከፈል። የተረፈው 360 በነጥብ ይሄዳል። በወሩ አራት ቪዲዮ ከተሠራ 40 ነጥብ አለ፤ አንዱ ነጥብ 9 ዶላር ማለት ነው።

ኤዲተሩ አራቱንም ኤዲት አድርጎ ታምኔሉንም ሠርቷል፤ 20 ነጥብ፣ 180 ዶላር። አቅራቢዋ አራቱንም አቅርባ ሦስቱን ስክሪፕት ጽፋለች፤ 14 ነጥብ፣ 126 ዶላር። ቀራጩ አራቱንም ቀርጾ አንድ ስክሪፕት ጽፏል፤ 6 ነጥብ፣ 54 ዶላር። የየሰው 30 ሲጨመር 210፣ 156 እና 84 ይሆናል። በእኩል ቢሆን ሁሉም 150 ነበር። ቀራጩ ልዩነቱን ሲያይ ፊቱ ሊጠቁር ይችላል። ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሁለት ስክሪፕት ጨምሮ ቢጽፍ ነጥቡ ይጨምራል። በእኩል ክፍፍል ላይ ይህ በር የለም።

አሁን ዋናው ጣጣ ላይ ደረስን፤ አብዛኛው ሰው ውሉ ውስጥ የሚረሳውም ይህንኑ ነው። ዩቲዩብ ላይ የዚህ ወር ገቢ የዚህ ወር ሥራ ውጤት ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት የተጫነ ቪዲዮ ዛሬም ገንዘብ ያመጣል። በወሩ ነጥብ ብቻ ከተካፈላችሁ፣ አንዱ ታሞ ወይም ፈተና ኖሮበት አንድ ወር ቢቀር 30 ዶላር ብቻ ይደርሰዋል፤ የሠራቸው ቪዲዮዎች ግን ያን ወር ሙሉ ለሌሎቹ ሲሠሩ ከረሙ። ጥሎ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። «የኔ ቪዲዮዎች እስከ ዛሬ ይከፍሏችኋል» ይላል። እውነቱን ነው። የቀሩትም «አሁን የምንደክመው እኛ ነን» ይላሉ። እነሱም እውነታቸውን ነው።

መፍትሔው የአንድ ወር ሳይሆን ያለፉትን 12 ወራት ነጥብ ደምሮ በዚያ መካፈል ነው። በየወሩ አዲሱ ወር ይገባል፣ በጣም የቆየው ይወጣል። ዓመት ላልሞላው ቻናል እስካሁን ያለው ነጥብ በሙሉ ይደመራል። ከላይ ያለው ቻናል በዚሁ አካሄድ ዓመት ቢሞላው በ12 ወር 480 ነጥብ ይኖረዋል፤ የኤዲተሩ 240 ነው፣ ግማሽ። ኤዲተሩ ዛሬ ቢወጣና ሥራው በዚያው መጠን ቢቀጥል፣ ከስድስት ወር በኋላ በመዝገቡ ውስጥ የሚቀረው 120 ነጥብ ነው፤ ከ480 ሩብ። ከ360ው ዶላር 180 ይወስድ የነበረው 90 ይወስዳል። በዓመቱ ነጥቡ ዜሮ ይሆናል። ማንም ማንንም አላባረረም፣ ለድርድርም ሽማግሌ አልተቀመጠም። ነጥቡ ራሱ ቀስ እያለ ያሰናብተዋል። የቀሩት ሥራ ቢቀንሱ ደግሞ የወጣው ሰው ድርሻ ቶሎ አይወርድም፤ እሱም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ገቢው የሚመጣው ከድሮዎቹ ቪዲዮዎች ነው።

ይህ ዘዴ የሚስተው ቦታም አለ። ዜናና ወቅታዊ ወሬ የሚሠራ ቻናል ቪዲዮው በሳምንት ይሞታል፤ ለሱ 12 ወር ይረዝማል፣ 6 በቂ ነው። የትምህርት ወይም የጥገና ቪዲዮ ግን ለዓመታት ይታያልና 24 ወር ብትሉ ይሻላል። እያንዳንዱን ቪዲዮ ለየብቻ ማስላትም ይቻላል፤ የዩቲዩብ ስቱዲዮ ገጹ የየቪዲዮውን ገቢ ያሳያል። ግን መቶ ቪዲዮ ሲሞላ ማን ቁጭ ብሎ ይደምራል? እኛ አንድ ሰሞን ሞክረን ትተነዋል።

የባለቤትነቱ 20 በመቶስ ሰው ሲወጣ ምን ይሆናል? ውሉ ላይ ይጻፍ። ነጥቡ ዜሮ በሚሆንበት ወር አብሮ ያበቃል ብትሉ ቀላል ነው። በምትኩ የሚወጣው ሰው አንድ ነገር ይፈርማል፦ «የሠራኋቸው ቪዲዮዎች ቻናሉ ላይ እንዲቆዩ ፈቅጃለሁ።» ይህን መስመር አትናቁት። ቀረጻው ወይም ኤዲቱ የኔ ነው የሚል ሰው ተናዶ የቅጂ መብት አቤቱታ ሊያስገባ ይችላል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የስትራይክ ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ቻናል ደግሞ ሊዘጋ ይችላል። እየቀነሰ የሚከፈለው ድርሻ የዚህ ፈቃድ ዋጋ ነው።

የሚካፈለው የትኛው ገንዘብ እንደሆነም በግልጽ ጻፉ። አብሮ አደጋችን አንድ ቀን ስቱዲዮውን ከፍቶ 560 የሚል ቁጥር አየ። ባንክ የገባው ደግሞ 500 ነው። ስልኩን አዙሮ አሳየን፣ ምንም አላለም። ዝምታው ግን ይናገር ነበር። ስቱዲዮ ላይ የሚታየው ግምት ነው። የሐሰት እይታና ክሊክ ሲቀነስ ይወርዳል። የጸደቀው ቁጥር በሚቀጥለው የፈረንጆች ወር ከ7 እስከ 12 ባለው ጊዜ ጉግል በሚከፍልበት ሒሳብ፣ አድሴንስ ላይ ይገባል። ከአሜሪካ ተመልካች በመጣው ገቢ ላይ እንደየአገሩ ስምምነት እስከ 30 በመቶ ግብር ሊቆረጥ ይችላል። ባንኩም የራሱን ይወስዳል። ደግሞ ሒሳቡ 100 ዶላር ካልሞላ ክፍያው ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ስለዚህ ውላችን ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ «የሚካፈለው ባንክ የገባው ገንዘብ ነው፤ በገባ በአምስት ቀን ውስጥ ከባንክ ማስረጃው ጋር ይከፋፈላል።» ከዚያ ወዲህ ያ ጭቅጭቅ ሞተ።

ድርጅት እስካላቋቋማችሁ ድረስ አድሴንሱ የግድ በአንድ ሰው ስም ይሆናል። ያ ሰው ገንዘቡን ይዞ ሊጠፋ ይችላል የሚለውን ሁሉም ያስባል። የሚረሳው ሌላው ጎን ነው፤ መንግሥት ፊት የሁላችሁም ገቢ በሱ ስም ይታያል፣ ግብሩም በሱ ላይ ይመጣል። ግብሩ ከመካፈሉ በፊት እንደ ወጪ ይነሳ፣ ወይም እያንዳንዱ የድርሻውን ይመልስለት። ለሌሎቹ ደግሞ ቢያንስ `Viewer` የሚለውን ፈቃድ ስጧቸው፤ ገቢውን በራሳቸው ስልክ ያያሉ፣ ምንም ነገር ግን መንካት አይችሉም። የይለፍ ቃል መቀባበል ይቅር። የመልሶ ማግኛው ስልክና ኢሜይል የማን እንደሆነም ውሉ ላይ ይስፈር፤ ሰው ሲጣላ ቻናል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

ስፖንሰር ሲመጣ ያመጣው ሰው 15 በመቶ ያንሳ፣ የቀረው ወደ ጋራው ይግባ። ካሜራና ማይክ የገዛ ሰው ንብረቱ የሱ መሆኑ ይጻፍ። በቡድኑ ገንዘብ የተገዛ ከሆነ ግን የቻናሉ ነው።

እህትሽን በተመለከተ፣ ቤተሰብ ውስጥ አንድ የተለመደ ነገር አለ። «እሷ እኮ እህት ናት» እየተባለ ታምኔሉም፣ ኮሜንቱም፣ የእንግዳው ቀጠሮም እሷ ላይ ይከመራል። ነጥቡ ሲጻፍ ይህ ሁሉ ይወጣል። ምናልባት ከሦስታችሁ የበለጠ የምትጠቀመው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

«አትተማመኝብንም» ላሉሽ ክርክር አትግጠሚ። ያለፈውን ወር ገንዘብ ውሰጂና በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት መንገድ አስይው፤ በእኩልና በነጥብ። ሁለቱንም አሳዪያቸው። ያን ጊዜ የሚነሳው ክርክር ስለ መተማመን መሆኑ ይቀርና «ኤዲት 4 ነው ወይስ 3?» ወደሚለው ይወርዳል፤ እሱ ደግሞ በሰዓት ተለክቶ የሚያልቅ ነው። ከተስማማችሁ ሁለት ገጽ በቂ ነው። ሦስታችሁም በየገጹ ፈርሙ፣ ሁሉም አንድ አንድ ቅጂ ይያዝ፣ የነጥቡ ሰንጠረዥም ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ነጥቡን በየስድስት ወሩ ከልሱ፤ ለውጡ ወደፊት ለሚሠሩት ቪዲዮዎች እንጂ ወደኋላ አይሥራ። ገቢው ከፍ ብሎ ድርጅት ለማቋቋም ስታስቡ ያኔ ጠበቃ ፈልጉ፣ እስከዚያ ይህ ይበቃችኋል።