ዶክተሩ ሲጠይቅ መደርደሪያችን ላይ ያለው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው

ጥያቄ፦ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በፋርማሲስትነት ከተቀጠርኩ ገና ወራት ነው። ሰሞኑን አንድ ዶክተር «ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት ቲኤልዲን የምትወስድ ነፍሰ ጡር አለችኝ፤ ዶሉቴግራቪር ጽንሱን ይጎዳል ይባላል፣ ወደ ኢፋቪሬንዝ ልቀይራት?» አለኝ። ያለን አንድ የቆየ ፎርሙላሪ ነው፤ እሱ «በእርግዝና መጀመሪያ አይሰጥ» ይላል። ስልኬ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። እንዲህ ሲገጥመኝ የቱን አምኜ ልመልስ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ስልክሽን ከመክፈትሽ በፊት ዶክተሩን «ስንት ሳምንቷ ነው? መድኃኒቱንስ መቼ ጀመረች?» በዪው። ስጋቱ የተነሳው በነርቭ ቱቦ ላይ ነው፤ በኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ማለቴ ነው። እሱ ደግሞ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ከመጨረሻው የወር አበባ ሲቆጠር ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እናትየዋ ዘጠኝ ሳምንቷ ነው እንበል። እንግዲያው ዛሬ መድኃኒት መቀየር ለዚያ ጉዳይ ምንም አይፈይድም። ቫይረሱ ታፍኖላት ከሆነ ደግሞ መነካካቱ ራሱ ጣጣ አለው። አየሽ፣ ገና ምንም ሳታነቢ የጥያቄው ግማሽ ተመለሰ።

ቀጥሎ የፎርሙላሪሽን የመጀመሪያ ገጾች ገልጠሽ የታተመበትን ዓመት እዪ። ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ቦትስዋና ውስጥ ነው። ፀፓሞ የተባለው ጥናት በየሆስፒታሉ የሚወለዱ ሕፃናትን ይከታተላል። ሲፀነሱ እናቶቻቸው ዶሉቴግራቪር ላይ ከነበሩ 426 ሕፃናት በ4ቱ ላይ የነርቭ ቱቦ ጉድለት ተገኘ። ከመቶ አንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በሌሎቹ እናቶች ግን ከሺህ አንድ ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ወዲያው ማሳሰቢያ አወጣ፤ በዚያን ጊዜ የተዘጋጁ መጻሕፍትም ማሳሰቢያውን ይዘው ወጡ። መጽሐፍሽ አልዋሸም፤ እዚያው ቆሞ ቀረ እንጂ።

ግን «አራት» የሚለው ቁጥር ላይ ትንሽ ቆዪ። ከአራቱ ሁለቱ በአጋጣሚ የመጡ ቢሆኑ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። አጥኚዎቹም ትክክለኛው መጠን ከመቶ 0.37 እስከ 2.4 ባለው ውስጥ ሊሆን እንደሚችል አስቀምጠው ነበር። ይህን ያህል የተለጠጠ ክልል ስታዪ ጥናቱ ደወል እንጂ ፍርድ እንዳልሆነ ያዢ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው «ከዚያ በኋላስ ምን ተገኘ?» ብሎ መፈለግ ነው። በ2019 ቁጥሩ ከ1,683 ሕፃናት 5 ሆነ። ልብ በዪ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሕፃናት ተጨምረው የተገኘው አንድ ተጨማሪ ጉድለት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ዶሉቴግራቪርን ነፍሰ ጡሮችን ጨምሮ ተመራጭ አድርጎ መከረ። በ2022 በወጣው ውጤት ደግሞ ልዩነቱ ጠፋ፤ በሁለቱም ወገን ከሺህ አንድ ገደማ ነው።

ይህን ለማግኘት ብዙ ኔትወርክ አይፈልግም። PubMed ላይ ይህን ጻፊ፦

```
dolutegravir neural tube Botswana
```

ከዚያ Most recent የሚለውን ምረጪ። አጭር መግለጫው በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ሙሉው ጽሑፍ ከተቆለፈብሽ ሆስፒታላችሁ የተቆለፉ የጤና ጽሑፎችን ለታዳጊ አገሮች በሚከፍተው በሂናሪ ተመዝግቦ እንደሆነ አስተዳደሩን ጠይቂ። በዚያው ላይ የአገራችንን የኤችአይቪ ሕክምና መመሪያ የቅርብ እትም ተመልከቺ፤ ዶክተሩ የሚሠራው በእሱ ነውና። ቴሌግራም ላይ የተላከ ፒዲኤፍ ከሆነ ማን እንዳወጣውና ዓመቱን ሳታዪ አትጠቀሚበት። ዓመት የሌለው ስክሪንሾትማ ወሬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዶክተሩ ያልጠየቀሽ ግን ያንቺ ሥራ የሆነ። እናትየዋ ብረትና ፎሌት ጀምራለች? ብረት በባዶ ሆድ አብሮ ሲዋጥ ዶሉቴግራቪርን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ካልሲየምም እንደዚያው ነው። ወይ ዶሉቴግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታ ትውሰድ፣ ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር አብራ ትዋጥ። hiv-druginteractions.org ላይ በነፃ ታረጋግጪዋለሽ። እውነቱን ለመናገር፣ ለዚች እናት ከነርቭ ቱቦው ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ለዶክተሩ ስትመልሺ ጥናት አትተርኪለት፤ ወረፋ አለበት። እንዲህ በዪው፦ «ዶክተር፣ አትቀይራት። የ2018ቱ ስጋት በኋላ በመጣው መረጃ አልጸናም፤ ዘጠኝ ሳምንቷ ስለሆነም ቱቦው ተዘግቷል። ብረቱንና ዶሉቴግራቪሩን አብራ ከምግብ ጋር እንድትወስድ እኔ እነግራታለሁ።» ጊዜ ካስፈለገሽ «እስከ ከሰዓት አጣርቼ እመለሳለሁ» በዪና በሰዓቱ ተመለሺ።

ከዚያ ደብተር ላይ ጥያቄውን፣ ቀኑን፣ ያየሽውን ምንጭ ከነዓመቱና የሰጠሽውን መልስ አስፍሪ። ያው ጥያቄ ከሌላ ዶክተር መምጣቱ አይቀርም። ነገ ለክሊኒካል ፋርማሲ ወይም ለመድኃኒት መረጃ የሥራ መደብ ስትወዳደሪም «ምን ሠርተሻል?» ሲሉሽ የምታሳዪው ይህንን ደብተር ነው። የታካሚ ስም ግን አትጻፊበት።