ያው ጨዋታ እዚያ ለምን ረከሰ?

ጥያቄ፦ «ለወራት ስጠብቀው የነበረው ጨዋታ ለኔ 59.99 ዶላር ይላል። ሌላ አገር ያለ ጓደኛዬ የላከልኝ ስክሪንሹት ላይ ያለው ዋጋ ግን ወደ ዶላር ሲመታ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ፋይሉ አንድ፣ ጨዋታው አንድ። ይህን የሚወስነው ማነው? በቪፒኤን እዚያ ያለሁ መስዬ ብገዛውስ?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን አንዲት ትንሽ ጨዋታ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መደብር ላይ አውጥተን ነበር። የዋጋውን ገጽ የሞላሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ከዚያ በኩል ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

ዋጋውን የሚወስነው መደብሩ ሳይሆን የጨዋታው አሳታሚ ነው። መጀመሪያ የዶላሩን ዋጋ ታስገባለህ፤ እኛ 19.99 አልን። ወዲያው ከ30 በላይ ለሆኑ የተለያዩ ገንዘቦች ሳጥኖቹ ሁሉ ስቲም በሚመክረው ዋጋ ይሞላሉ። ምክር ነው እንጂ ግዴታ የለውም፤ እያንዳንዱን ሳጥን በእጅህ መቀየር ትችላለህ። ብዙው ሰው ግን አይነካውም። እኔም አልነካሁትም። የሁለት ዓመት ሥራ ዋጋ የተቆረጠው ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ነው።

ምክሩ የዕለቱን ምንዛሪ ብቻ አይከተልም። ጨዋታ ገንዘብ የሚበላው ሲሠራ ነው፤ ካለቀ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሰው ሲያወርደው የሚመጣው ወጪ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ 60 ዶላር የወር ደመወዙን ለሚያናጋበት ሰው በ20 መሸጥ ጨርሶ ካለመሸጥ ይሻላል። ቸርነት እንዳይመስልህ፤ ንጹህ ንግድ ነው። የሚሠራው ግን 60 መክፈል የሚችለው ሰው በ20ው በር እስካልገባ ድረስ ብቻ ነው። በኋላ የምነግርህ ክልከላ ሁሉ ይህን በር ለመጠበቅ የተሠራ ነው።

አሁን ወደኛ ስህተት ልምጣ። ለቱርክ የገባው ዋጋ 32 ሊራ ነበር። በ2021 መጀመሪያ አንድ ዶላር 7.4 ሊራ ገደማ ስለነበር ተጫዋቹ የሚከፍለው 4.3 ዶላር ያህል ነው። እዚያ የሚታየው ዋጋ የተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል፤ በጊዜው 18 በመቶ ነበር። ታክሱ ወጥቶ፣ ከቀረው ላይ መደብሩ 30 በመቶውን ሲወስድ፣ ለኛ የሚተርፈው 2.57 ዶላር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከምትሸጠው ቅጂ ወደ 14 ዶላር እናገኝ ነበር፤ እዚያ የሽያጭ ታክሱ ከዋጋው በላይ ስለሚታሰብ የኛን አይነካም። ልዩነቱ ሰፊ ቢሆንም አልከፋንም፤ ያ ተጫዋች በ20 ዶላር እንደማይገዛ እናውቃለን።

ከዚያ ሊራው ወደቀ። እኛ ሌላ ሥራ ላይ ነበርንና ገጹን የከፈተ ሰው አልነበረም። በ2023 ኅዳር አንድ ዶላር 29 ሊራ ሲጠጋ፣ ታክሱም 20 በመቶ ሆኖ ነበር፣ የኛ ጨዋታ አሁንም 32 ሊራ ላይ ተቀምጧል። ለገዢው 1.1 ዶላር፣ ለኛ ደግሞ 65 ሳንቲም! ማንም ዋጋ አልቀነሰም፤ ዋጋው ዝም ብሎ ተረሳ። ጓደኛህ በላከልህ ዓይነት ስክሪንሹት ላይ የሚያስገርመው ርካሽነት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

የነቃነው በሽያጭ ሪፖርቱ ነው። ከቱርክ የሚመጣው ግዢ ወር በወር ይጨምራል፤ በቱርክኛ የሚጻፍልን አስተያየት ግን ባለበት ቆሟል። ገዢዎቹ እዚያ የሚኖሩ እንዳልሆኑ ለመጠርጠር ይህ በቂ ነበር። ዋጋውን አስተካከልን። ታዲያ በየትኛውም ገንዘብ ዋጋ ከጨመርክ ለ30 ቀን ቅናሽ ማድረግ አይፈቀድምና፣ ስንጠብቀው የነበረው የቅናሽ ወቅት አመለጠን። (ይህን ደንብ ቀድሜ ባነበው ኖሮ!)

ይህ የኛ ብቻ አልነበረም። ስቲም በ2022 ጥቅምት የምክር ሰንጠረዡን ሲያድስ ለቱርክና ለአርጀንቲና የሚመክረው ዋጋ በአንድ ጊዜ በብዙ እጥፍ ዘለለ። በ2023 ኅዳር 20 ደግሞ ሊራና ፔሶን ከነጭራሹ ትቶ ሁለቱንም አገሮች ወደ ዶላር አዞረ፤ ከየአካባቢያቸው አገሮች ጋር ተመድበው የራሳቸው ዝቅ ያለ የዶላር ዋጋ እንዲኖራቸው ተደረገ። የተጎዳው በሊራ ደመወዝ የሚበላው እውነተኛው ተጫዋች ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው፤ በተከፈተው በር የገባው ሌላ፣ በሩ የተዘጋበት ሌላ።

መርሳት በተቃራኒውም ይሠራል። ያ ሰንጠረዥ ሲታደስ የፖላንድ ዝሎቲ በጣም ደክሞ ስለነበር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ተጻፈ። በዓመቱ ዝሎቲው ሲያገግም ቁጥሩ ባለበት ቀረ፤ ስለዚህ የፖላንድ ተጫዋቾች ብዙ ጨዋታዎችን ከአሜሪካኖች በላይ ይከፍሉ ጀመር። አሜሪካኑን የሚያህል ደመወዝ ስላላቸው አይደለም።

ስለ ቪፒኤኑ፣ ተወው። ስቲም አገርህን የሚያውቀው በኢንተርኔት አድራሻህ ብቻ አይደለም፤ የአካውንትህን አገር ለመቀየር የዚያ አገር የመክፈያ ዘዴ ተጠቅመህ መግዛት አለብህ፤ ከቀየርክ በኋላም እንደገና ለመቀየር ሦስት ወር ትጠብቃለህ። ያለህበትን ቦታ መደበቅ የአጠቃቀም ውሉን መጣስ ስለሆነ አካውንትህ ሊታገድ ይችላል፤ ለአንድ ጨዋታ ስትል የሰበሰብከውን ሁሉ አደጋ ላይ ትጥላለህ። ጓደኛህ በስጦታ ይላክልኝ ካልክም፣ በሁለቱ አገሮች ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከሰፋ ስጦታው አያልፍም። የሌላ አገር ኮድ ከሦስተኛ ወገን ብትገዛ ደግሞ ብዙው ባንተ አገር እንዳይከፈት የተቆለፈ ነው፤ ይህን የምታውቀው ከከፈልክ በኋላ ነው።

ይልቅ የምታደርገው ይህን ነው። ስቲምዲቢ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የጨዋታውን ስም ፈልግ፤ የየአገሩ ዋጋ በዶላር ተመትቶ ጎን ለጎን ይታያል። ከዚያ የዚያኑ አሳታሚ ሌሎች ሦስት አራት ጨዋታዎች ክፈት። የጓደኛህ አገር በሁሉም ላይ ተመሳሳይ በሆነ መጠን ከረከሰ፣ የታሰበበት የአካባቢ ዋጋ ነው፤ ይቆያል። አንዱ ብቻ፣ በተለይ ቆየት ያለው፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወረደ የተረሳ ዋጋ ነው፤ ጓደኛህን ዛሬውኑ ግዛ በለው። አንተ ግን ቅናሽ ጠብቅ። መቶኛው በየአገሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ 50 በመቶ ሲቀንስ ላንተ 30 ዶላር ይሆናል፤ እሱም ያንን ቀን ከጠበቀ አሁንም ካንተ በታች ይከፍላል።